ከ60 ሚሊዮን ወደ 181 ሚሊዮን፦ የቡናው ገቢ በየት በኩል አደገ?

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ ሒሳብ ሠራተኞች ዓመቱን ይደምራሉ። በጅማ አወቱ መንደራ የምትኖር፣ ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ ለሚልክ አንድ ማኅበር ሒሳብ የምትይዝ ባለሙያ እናስብ። የማኅበሩ የ2016 በጀት ዓመት ገቢ 60 ሚሊዮን ብር ነበር፤ የ2017 ደግሞ 181 ሚሊዮን ብር ሆነ። ማኅበሩም ቁጥሮቹም ለማስረዳት እንዲመቹ የተመረጡ ምሳሌዎች ናቸው፤ ጥያቄው ግን የብዙዎች ነው።

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ገቢው ሦስት እጥፍ ከሆነ ሥራችንም ሦስት እጥፍ ሆኗል ማለት ነው?» ቢሏት ምን ትመልሳለች? ሁለት ዓምዶችን ጎን ለጎን ብታሳያቸው አጭርና ረጅም ዓምድ ያያሉ እንጂ መልስ አያገኙም። ለዚህ ጥያቄ የሚሆነው ዋተርፎል የሚባለው ግራፍ ነው፤ በአማርኛ የፏፏቴ ግራፍ ልንለው እንችላለን። በግራ ጫፍ የአምናው ገቢ ይቆማል፣ በቀኝ ጫፍ የዘንድሮው። በመካከላቸው ገቢውን ከፍ ያደረጉትና ዝቅ ያደረጉት ምክንያቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዓምድ፣ ልክ እንደ ደረጃ፣ ካለፈው ጫፍ እየተነሡ ይቀመጣሉ።

ግራፉን መሳል የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጊዜ የሚወስደውና ስሕተት የሚገባበት፣ ለውጡን በየምክንያቱ የመለየቱ ስሌት ነው። ስለዚህ ከስሌቱ እንጀምር።

መጀመሪያ በአገር ደረጃ፦ መጠን እና ዋጋ

ኢትዮጵያ በ2016 በጀት ዓመት ወደ 298 ሺህ 500 ቶን ገደማ ቡና ልካ 1.43 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘች። በ2017 የላከችው 469 ሺህ ቶን ገደማ ሲሆን ገቢው 2.65 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ልዩነቱ 1.22 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ብዙ ቡና ስለተላከ፣ ምን ያህሉስ ቡናው በተሻለ ዋጋ ስለተሸጠ የመጣ ነው?

ገቢውን በቶኑ ስናካፍል የ2016 አማካይ ዋጋ በቶን 4,790 ዶላር ገደማ፣ የ2017 ደግሞ 5,650 ዶላር ገደማ ይሆናል። አሁን ሁለት ማባዛት ብቻ ይቀረናል። የተጨመረውን 170 ሺህ 500 ቶን በ2016 ዋጋ ስናባዛ 817 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እናገኛለን፤ ይህ የመጠን ድርሻ ነው። በቶን የተጨመረውን 860 ዶላር ገደማ በ2017 ጠቅላላ ቶን ስናባዛ ደግሞ 403 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ይህ የዋጋ ድርሻ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 1.22 ቢሊዮን ይሆናሉ።

የ2017 በጀት ዓመት በዓለም ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ ክብረ ወሰን የሰበረበት ስለነበር ዕድገቱን ሁሉ ለዋጋው መስጠት ይቀላል። ስሌቱ ግን ከዕድገቱ ሁለት ሦስተኛው የመጣው በብዛት ከተላከው ቡና መሆኑን ያሳያል። እንዲህ ያለውን የተሳሳተ ግምት በአንድ እይታ ማረም የሚችል በመሆኑ ነው ይህ ግራፍ የሚፈለገው።

ከዚያ ወደ ማኅበሩ፦ ሦስተኛው ምክንያት

ማኅበሩ ቡናውን የሚሸጠው በዶላር፣ መዝገቡን የሚይዘው ግን በብር ነው። ስለዚህ ከመጠንና ከዋጋ ሌላ ምንዛሪ የሚባል ሦስተኛ ምክንያት አለ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ይህ ምክንያት እንደ ወትሮው ትንሽ አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የፈቀደው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፤ የ2017 በጀት ዓመት ከተጀመረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ።

ማኅበሩ በ2016 ወደ ውጭ የላከው 200 ቶን ነው፤ አሥር ኮንቴይነር ገደማ መሆኑ ነው። አማካይ ዋጋው በቶን 5,000 ዶላር፣ አማካይ ምንዛሪው 57 ብር ነበር። ሲባዛ 57 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ለውጭ ገበያ ደረጃውን ያላሟላው ቡና በአገር ውስጥ ተሸጦ 3 ሚሊዮን ብር ስለተገኘ ጠቅላላው 60 ሚሊዮን ሆነ። በ2017 ደግሞ 240 ቶን፣ በቶን 6,000 ዶላር፣ በአማካይ 125 ብር ምንዛሪ ተላከ፤ ይህ 180 ሚሊዮን ብር ነው። የአገር ውስጡ ሽያጭ ወደ 1 ሚሊዮን ስለወረደ ጠቅላላው 181 ሚሊዮን ሆነ።

አሁን አንዱን ምክንያት ብቻ እየለወጥን፣ ሌሎቹን ባሉበት እያቆምን እንሂድ። የተጨመረውን 40 ቶን በአምናው ዋጋና በአምናው ምንዛሪ ስናባዛ የመጠን ድርሻ 11.40 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በቶን የተጨመረውን 1,000 ዶላር በዘንድሮው 240 ቶንና በአምናው 57 ብር ስናባዛ የዋጋ ድርሻ 13.68 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ዶላር ላይ የተጨመረውን 68 ብር ዘንድሮ በተገኘው 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ዶላር ስናባዛ የምንዛሪ ድርሻ 97.92 ሚሊዮን ብር ይሆናል።

«ዋጋ» የተባለው ሁሉ ዋጋ አይደለም

እዚህ ላይ የቡና ሰው ሳይጠይቅ የማያልፈው ነገር አለ፤ ቡናው የታጠበ ነው ወይስ ያልታጠበ? ማኅበሩ አምና ከላከው 200 ቶን ውስጥ 100ው በ6,000 ዶላር የተሸጠ የታጠበ፣ 100ው በ4,000 ዶላር የተሸጠ ያልታጠበ ነበር። ዘንድሮ ግን አባላቱ ቀይ እሸት በብዛት ለማጠቢያ ጣቢያው ስላስረከቡ 180 ቶን የታጠበ በ6,500፣ 60 ቶን ያልታጠበ በ4,500 ዶላር ተሸጠ።

በጥንቃቄ ብናይ የየዓይነቱ ዋጋ የጨመረው 500 ዶላር ብቻ ነው። አማካዩ ግን 1,000 ዶላር ጨምሯል። ሌላው 500 ዶላር የመጣው ገበያው ስለተሻለ ሳይሆን፣ ውድ የሆነው የታጠበ ቡና ድርሻ ስላደገ ነው። ይህን ለመለየት የዘንድሮውን ስብጥር በአምናው ዋጋ እናሰላለን፦ 180 ቶን በ6,000 እና 60 ቶን በ4,000 ሲደመር 1 ሚሊዮን 320 ሺህ ዶላር፣ በ240 ቶን ሲካፈል 5,500 ዶላር በቶን። ከ5,000 እስከ 5,500 ያለው የስብጥር ለውጥ ነው፤ ከ5,500 እስከ 6,000 ያለው እውነተኛው የዋጋ ለውጥ ነው። ስለዚህ 13.68 ሚሊዮኑ ለሁለት ይከፈላል፤ 6.84 የስብጥር፣ 6.84 የዋጋ።

ልዩነቱ ለአባላቱ ትርጉም አለው። ዋጋውን የወሰነው የዓለም ገበያ ነው፤ ስብጥሩን የለወጡት ግን ቀይ ቀዩን ለቅመው፣ በዕለቱ ጣቢያ ያደረሱት ገበሬዎች ናቸው። ሁለቱን በአንድ ዓምድ መጠቅለል የእነሱን ሥራ ለገበያው መስጠት ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ መልሱን ይለውጣል

ምንዛሪውን በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ ብናሰላውስ? የአምናውን 1 ሚሊዮን ዶላር በ68 ብር ስናባዛ ምንዛሪው 68 ሚሊዮን ብር ብቻ ይሆናል። መጠኑም ዋጋውም በአዲሱ 125 ብር ስለሚባዙ የመጠን ድርሻ 25 ሚሊዮን፣ የስብጥርና የዋጋ ድርሻ በድምሩ 30 ሚሊዮን ይደርሳል። ድምሩ አልተለወጠም፤ አሁንም ከ57 ተነሥቶ 180 ይደርሳል። የየምክንያቱ ድርሻ ግን ተለውጧል፤ ምንዛሪው ከ97.92 ወደ 68 ወርዷል።

ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። ምክንያቶቹ እርስ በርስ ስለሚባዙ፣ አዲሱ 40 ቶን በአዲሱ ምንዛሪ ያመጣው ብር የመጠኑም የምንዛሪውም የጋራ ፍሬ ነው፤ ወደየትኛው እንደሚጻፍ የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የምንመርጠው ልንመልሰው ከምንፈልገው ጥያቄ ተነሥተን ነው። የሽማግሌው ጥያቄ «ሥራችን አድጓል ወይ?» የሚል ነበር። ለዚያ የሚስማማው ምንዛሪውን በመጨረሻ ማስቀመጥ ነው፤ ምክንያቱም ከእሱ በፊት ያለው ሁሉ ብሩ ባለበት ቢቆይ ኖሮ ገቢው የት ይደርስ እንደነበር ይነግረናል። የተመረጠውን ቅደም ተከተል ከግራፉ ግርጌ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ በየዓመቱም አለመለዋወጥ ያስፈልጋል። ዘንድሮ በአንዱ፣ ከርሞ በሌላው የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ሁለት የማይነጻጸሩ ግራፎች ያወጣል።

ሠንጠረዡን ማዘጋጀት

በኤክሴል ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የመነሻ ቁጥሮቹ ይቀመጣሉ። የአምናው ቶን፣ አማካይ ዋጋና ምንዛሪ በ`E2`፣ `E3` እና `E4`፤ የዘንድሮዎቹ በ`F2`፣ `F3` እና `F4`። የዘንድሮው ስብጥር በአምናው ዋጋ የተሰላበት 5,500 በ`F5` ይገባል። የየድርሻው ቀመር እንዲህ ነው፤ በቅደም ተከተል መጠን፣ ስብጥር፣ ዋጋና ምንዛሪ፦

```
=(F2-E2)*E3*E4/1000000
=F2*(F5-E3)*E4/1000000
=F2*(F3-F5)*E4/1000000
=F2*F3*(F4-E4)/1000000
```

ውጤቶቹ ግራፉ በሚነሣበት ሠንጠረዥ ውስጥ በሚሊዮን ብር ይሰፍራሉ፤ ስያሜው በ`A`፣ ቁጥሩ በ`B` ዓምድ፣ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ፦

```
A2  የ2016 ገቢ            B2   60.00
A3  መጠን                 B3   11.40
A4  ስብጥር                B4    6.84
A5  ዋጋ                  B5    6.84
A6  የአገር ውስጥ ሽያጭ       B6   -2.00
A7  በአምናው ምንዛሪ         B7   83.08
A8  ምንዛሪ                B8   97.92
A9  የ2017 ገቢ            B9  181.00
```

በመካከል ያለው 83.08 ንዑስ ድምር ነው፤ ምንዛሪው ባይለወጥ ኖሮ ገቢው ይደርስበት የነበረው ቦታ። ከሠንጠረዡ በታች ደግሞ አንድ የማረጋገጫ ቀመር ይጻፋል፤ ውጤቱ ዜሮ መሆን አለበት፦

```
=B9-B2-SUM(B3:B6)-B8
```

ይህ ማረጋገጫ የሚሠራው `B9` ከሒሳብ መዝገቡ በቀጥታ የተወሰደ ሲሆን፣ እያንዳንዱም ድርሻ በየራሱ ቀመር ሲሰላ ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው ሌሎቹን ካሰላ በኋላ የቀረውን በሙሉ «ምንዛሪ» ብሎ ይሞላዋል። ያን ጊዜ ማረጋገጫው ምንጊዜም ዜሮ ይሆናል፤ በመጠኑ ላይ የተሠራው ስሕተት ሁሉ ምንዛሪው ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። ዜሮ ካልሆነና ምክንያቱ ካልተገኘ «ያልተለየ» የሚል ዓምድ በግልጽ መጨመር ይሻላል።

አማካይ ምንዛሪውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2017 ምንዛሪው ከወር ወር ስለተለዋወጠ የዓመቱን መጀመሪያና መጨረሻ ደምሮ ለሁለት ማካፈል የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ትክክለኛው አማካይ ከውጭ ሽያጭ የተገኘው ጠቅላላ ብር በተገኘው ጠቅላላ ዶላር ሲካፈል የሚወጣው ነው። ብዙ ቡና የተላከበት ወር በዚህ መንገድ ተገቢውን ክብደት ያገኛል።

ግራፉን ማውጣት

ዋተርፎል ግራፍ በኤክሴል ውስጥ የተጨመረው ከ2016 እትም ጀምሮ ነው፤ እዚህ ላይ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ከ`A2` እስከ `B9` ያለውን መርጦ `Insert` ውስጥ ካሉት የግራፍ ዓይነቶች `Waterfall` የሚለውን መጫን ይበቃል።

መጀመሪያ የሚወጣው ግራፍ ግን የተሳሳተ ነው። ፕሮግራሙ የትኛው ቁጥር ለውጥ፣ የትኛው ድምር እንደሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ 83.08ንና 181ን እንደ ተጨማሪ ገቢ ቆጥሮ በላይ በላዩ ይደርባቸዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የመጨረሻው ዓምድ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ ከ400 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። ለማስተካከል ዓምዱን አንዴ ጠቅ ማድረግ፤ ሁሉም ይመረጣሉ። እንደገና ጠቅ ሲደረግ ያ አንዱ ብቻ ይመረጣል። ከዚያ በቀኝ ጠቅታ `Set as Total` ማለት ነው። ይህ ለ`B7` እና ለ`B9` የግድ ይደረጋል። ለ`B2`ም ቢደረግ እንደ ሌሎቹ ድምሮች አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛል። ከዚህ በኋላ ሦስቱ ድምሮች ከመሬት ይነሣሉ፤ አምስቱ ለውጦች ይንሳፈፋሉ።

በግራ ያለው መለኪያ ከዜሮ መጀመሩንም ማየት ያስፈልጋል። ከ50 ቢጀምር የ2016 ዓምድ የ10 ሚሊዮን ያህል አጥሮ፣ የ2017 ከእሱ አሥራ ሦስት እጥፍ ረዝሞ ይታያል፤ ቁጥሮቹ ሳይነኩ ዓይን ይታለላል።

የቆየ ኤክሴል ያለው ሰው በተደራራቢ ዓምድ ግራፍ ሊሠራው ይችላል። ከየለውጡ ሥር መሠረት የሚሆን ዓምድ አስቀምጦ ቀለሙን `No fill` ማድረግ ነው። መሠረቱ ከለውጡ በፊት ካለው ድምርና ከለውጡ በኋላ ካለው ድምር አነስተኛው ነው፤ ለውጡ ሲጨምር የቀደመው፣ ሲቀንስ አዲሱ ማለት ነው።

በወረቀት ላይ

ኮምፒውተር በሌለበትም ይሠራል፤ አንድ ጊዜ በእጅ የሳለው ሰው ደግሞ አሠራሩ ከልቡ ይገባዋል። ባለ ካሬ ወረቀት ወይም ለሰሌዳ ጠመኔና ማስመሪያ ይበቃል። 1 ሴንቲ ሜትር ለ10 ሚሊዮን ብር ይሁን። የ2016 ዓምድ 6 ሴንቲ ሜትር ይቆማል። ከጫፉ ወደ ቀኝ ቀጭን የተኛ መስመር ይሰመርና መጠን ከዚያ መስመር ተነሥቶ እስከ 7.1 ይወጣል። ስብጥር ከ7.1 እስከ 7.8፣ ዋጋ ከ7.8 እስከ 8.5 ይወጣሉ። የአገር ውስጡ ሽያጭ ከ8.5 ወደ 8.3 ይወርዳል፤ ለዚህ ሌላ ቀለም። ንዑስ ድምሩ ከመሬት እስከ 8.3 ይቆማል። ከዚያ ምንዛሪ ከ8.3 ተነሥቶ እስከ 18.1 ይወጣል፤ ብቻውን ከሌሎቹ ለውጦች ድምር አራት እጥፍ ይበልጣል። የመጨረሻው ዓምድ ከመሬት ተነሥቶ 18.1 ላይ ከእሱ ጋር እኩል ካልሆነ ከመንገዱ አንዱ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው። ስያሜዎቹ ጉባኤው በሚነጋገርበት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ ይጻፉ፤ ከየዓምዱ በላይ ቁጥሩ ይቀመጥ።

ለሽማግሌው የሚሰጠው መልስ

አሁን ሒሳብ ሠራተኛዋ ጣቷን 83ቱ ላይ አድርጋ መመለስ ትችላለች። «አባቴ፣ በአምናው ምንዛሪ ብንቆይ ገቢያችን ከ60 ሚሊዮን ወደ 83 ሚሊዮን ይደርስ ነበር። ይህ ሥራችንና ገበያው ያመጡት ነው፤ ከውስጡ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋው ቀይ እሸት ለጣቢያው በማስረከባችሁ የተገኘ ነው። ከዚያ በላይ ያለው 98 ሚሊዮን ዶላሩ ብዙ ብር ስላወጣ የመጣ ነው።»

ግራፉ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሚናገረው ስለ ገቢ ብቻ ነው። ብሩ ሲረክስ የእሸት መግዣው፣ የነዳጁና የጆንያው ዋጋም አብሮ ይወጣል፤ ያን ለማየት ከገቢ ተነሥቶ ወጪዎቹን አንድ በአንድ እየቀነሰ ትርፍ ላይ የሚደርስ ሁለተኛ ግራፍ ያስፈልጋል። የሽማግሌው ቀጣይ ጥያቄ ስለ ትርፍ ክፍፍሉ መሆኑ ስለማይቀር፣ እሱንም አዘጋጅቶ መቅረብ ደግ ነው።